ባዶ መኝታ ቤትን በኤአይ ማስዋብ፦ ግድግዳው ሳይነቃነቅ

ቨርቹዋል ስቴጂንግ የሚባለው ሥራ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የባዶ ክፍል ፎቶ ይወሰድና አልጋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ምስሉ ላይ ብቻ ይጨመራል። አሁን ፎቶውን ለምስል ኤአይ ሰጥቶ ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል። ጣጣው የሚጀምረው ምስሉ ሲመለስ ነው። አልጋው ያምራል፣ ብርሃኑም ያምራል፣ ግን መስኮቱ ሰፍቷል። በሩ ጠፍቷል። ኮርኒሱ ከፍ ብሏል። ፎቶውን አይቶ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲቆም የተሳሳተ ቤት የገባ ይመስለዋል።

ስለዚህ እዚህ የማሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕቃው እየተጨመረ የክፍሉ ቅርጽ ባለበት እንዲቆይ ትእዛዙ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቅርጹ መቆየቱስ እንዴት እንደሚረጋገጥ።

ግድግዳው ለምን ይንቀሳቀሳል?

ብዙ ሰው ኤአይ በፎቶው ላይ አልጋ «የሚለጥፍ» ይመስለዋል። አይለጥፍም። ፎቶውን አይቶ ሙሉውን ምስል እንደ አዲስ ይሥላል። እናንተ ያልነካችሁት የኮርኒስ ጥግ እንኳ ተመልሶ የተሣለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጣም ስለሚመሳሰል ልዩነቱ አይታያችሁም እንጂ ያው ፎቶ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። ሞዴሉ መኝታ ቤትን የተማረው ከብዙ ያማሩ ፎቶዎች ነው። እዚያ ውስጥ ያለው መኝታ ቤት ትልቅ መስኮት፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ሰፊ ወለል አለው። ክፍት ቦታ ካገኘ ወደዚያ ያዘነብላል።

ሦስተኛው ግን ዋነኛው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እሱን ነው። ያዘዛችሁት ዕቃ ክፍሉ ውስጥ የማይገባ ከሆነ ሞዴሉ «አይገባም» አይላችሁም። ወይ ዕቃውን ያሳንሳል፣ ወይ ግድግዳውን ይገፋል። ሰፊ አልጋ፣ ሁለት ኮመዲኖ፣ ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥን፣ ወንበርና ትልቅ ተክል ጠይቃችሁ «ግድግዳውን አትንካ» ብትሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው ያዘዛችሁት። አንዱን መተው አለበት። የሚተወው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድግዳውን ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምለው፦ የክፍሉን ቅርጽ የሚጠብቀው «አትቀይር» እያሉ መጮህ ሳይሆን የሚገባ ዕቃ ማዘዝ ነው። ትእዛዝ ከመጻፍ በፊት ሜትር ይዞ መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፎቶው

ፎቶው ላይ ያለው ስህተት ሁሉ ወደ ውጤቱ ይሻገራል። ስልካችሁ ላይ 0.5x የሚለው በጣም ሰፊ ሌንስ ክፍሉን ያስረዝማል፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ይለጥጣል። በዋናው ሌንስ፣ 1x በሚለው፣ ወደ ኋላ ተጠግታችሁ ብታነሡ ይሻላል። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ እምቢ ካለ በሩ ላይ ቆማችሁ አንሡ። ሰፊው የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይዘንብል። የግድግዳው ጥጎች በፎቶው ላይ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ከፍታው ደግሞ ከወለሉ 120 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፣ ደረት አካባቢ ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ለማረጋገጫ በጣም ትጠቅመናለች።

ከዚያ የፎቶውን ምጥጥን እዩ። አንዳንድ መሣሪያዎች የተወሰኑ ምጥጥኖችን ብቻ ነው የሚያወጡት። እናንተ 4፡3 ሰጥታችሁ እሱ ካሬ ምስል ካወጣ ወይ ጎኑን ይቆርጣል ወይ ከላይና ከታች ከራሱ ፈጥሮ ይጨምራል። ከራሱ የጨመረው ኮርኒስ ክፍሉን ከፍ ያለ ያስመስለዋል። መሣሪያው የሚያወጣውን ምጥጥን እወቁና ፎቶውን ቀድማችሁ በዚያው ልክ ቁረጡት።

ልኬቱ፣ በአንድ ክፍል ላይ

አንድ ክፍል ወስደን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ወለሉ 60 በ60 ሳንቲ ግራጫ ሴራሚክ ነው። ፊት ለፊት የሚታየው ግድግዳ ስድስት ሴራሚክ ይወስዳል፤ 3.6 ሜትር ማለት ነው። ወደ ውስጥ ያለው ርዝመት ሰባት ሴራሚክ፣ 4.2 ሜትር ነው። በግራ ግድግዳ ባለ ሁለት ተከፋች መስኮት አለ፤ የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ 90 ሳንቲ ነው። በቀኝ ግድግዳ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ጥግ 70 ሳንቲ ርቆ፣ 80 ሳንቲ ስፋት ያለው በር አለ። ወደ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ኮርኒሱ መሃል ላይ አንድ አምፖል አለ።

አልጋው የሚቀመጠው ራስጌው ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፎ፣ መሃል ላይ ነው። 160 በ200 የሆነ አልጋ እንውሰድ። ከ360 ላይ 160 ሲቀነስ 200 ይተርፋል፤ በግራም በቀኝም 100፣ 100 ሳንቲ። በሩ ሲከፈት ከግድግዳው 80 ሳንቲ ይወጣል። ስለዚህ በበሩና በአልጋው መካከል 20 ሳንቲ ይቀራል። የአልጋው ፍሬም በየጎኑ ጥቂት ቢጨምርም ይበቃል። በ180 አልጋ ብንቀይረው ግን ክፍተቱ 10 ሳንቲ ብቻ ይሆናል፤ ፍሬሙ ሲጨመር በሩ አልጋውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ሥዕሉ ላይ ያምራል፣ ቤቱ ውስጥ ግን አይሆንም።

ኮመዲኖው 45 ሳንቲ ስፋት፣ 40 ሳንቲ ወደ ፊት ቢሆን ከራስጌው ጎንና ጎን ይገባል። በሩ ከጥጉ 70 ሳንቲ ርቆ ስለሚጀምር ኮመዲኖው አይዘጋውም። ምንጣፉ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ምንጣፍ ከአልጋው በየጎኑ 40 ሳንቲ ይወጣል፤ በሩ የሚዞርበት ቦታ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። 2 ሜትር ስፋት ያለው ግን ልክ በሩ እስከሚደርስበት መስመር ያቆማል። ስለዚህ 2 ሜትር፣ ያውም ስስ።

ሌላ ዕቃስ? ከቀኙ በር ወዲህ ባለው ግድግዳ ላይ ቁም ሳጥን ማስገባት ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አላስገባም። ፎቶው ላይ ወደ ካሜራው የቀረበ ዕቃ ትልቅ ሆኖ ይወጣል፣ ክፍሉንም ይሸፍናል። አልጋ፣ ሁለት ኮመዲኖ፣ ሁለት የጠረጴዛ መብራት፣ አንድ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ከራስጌው በላይ አንድ ሥዕል። በቂ ነው።

ትእዛዙ፣ አንደኛ ክፍል፦ የማይነካው

እዚህ ላይ «የክፍሉን ቅርጽ ጠብቅ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ብዙም አይሠራም። ሞዴሉ የትኛውን እንደሚጠብቅ አያውቅም። የሚሠራው እያንዳንዱን ነገር በስሙ፣ በቀለሙና በቦታው መጥራት ነው። በር ብቻ አትበሉ፤ «በቀኝ ግድግዳ ያለው ቡናማ በር» በሉ።

```
ይህ የባዶ መኝታ ቤት ፎቶ ነው። ፎቶውን አርትዕ እንጂ አዲስ ክፍል አትፍጠር።
የካሜራው ቦታ፣ ከፍታው፣ የምስሉ ክፈፍና ምጥጥን እንደ ፎቶው ይሁን።
በግራ ግድግዳ ባለ ሁለት ተከፋች ነጭ መስኮት አለ። ቦታው፣ ስፋቱ
እና በመስታወቱ የሚታየው የውጭ እይታ ባለበት ይቆይ።
በቀኝ ግድግዳ አንድ ቡናማ በር አለ። እንደተዘጋ ሙሉ በሙሉ ይታይ።
የግራጫው ሴራሚክ መስመሮች፣ ዞኮሎው፣ ኮርኒሱ፣ አምፖሉ
እና ማብሪያ ማጥፊያው አይለወጡ።
```

የውጭውን እይታ የጠራሁት በምክንያት ነው። ካልጠራችሁት ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት ግድግዳ የነበረው አረንጓዴ ዛፍ ይሆናል። ማብሪያ ማጥፊያውንም ቢሆን ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ትንንሽ ነገሮች መጀመሪያ ይጠፋሉ፣ በኋላ ግን ለማረጋገጫ ጥሩ ምልክት ናቸው።

የምትጠቀሙበት መሣሪያ አማርኛ ካልገባው ያንኑ ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ጻፉት። መነሻው እንዲህ ነው፤ ከሥሩ የእናንተን ክፍል ዝርዝር ትጨምራላችሁ፦

```
Edit this photo. Do not create a new room.
Same camera position, same framing, same aspect ratio.
Keep the walls, window, door, floor tiles and ceiling exactly as they are.
```

የትእዛዙ ሁለተኛ ክፍል፦ የሚጨመረው

አሁን የለካነው ሁሉ ወደ ትእዛዝ ይገባል። ግን አንድ ነገር አለ፦ ሞዴሉ ሳንቲ ሜትር መለካት አይችልም። «160 ሳንቲ አልጋ» ስትሉት ባለ ሁለት ሰው አልጋ መሆኑን ይገምት ይሆናል እንጂ በእናንተ ግድግዳ ላይ 160 የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ስለዚህ ቁጥሩን ፎቶው ላይ ከሚታይ ነገር ጋር አስተያዩለት። 160 ለ360 ሲሆን ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ነው። 100 ሳንቲ ክፍተት አንድ ሴራሚክ ከሁለት ሦስተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በደንብ ይረዳል።

```
አንድ ባለ ሁለት ሰው አልጋ ጨምር። ራስጌው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ
ተደግፎ መሃል ላይ ይሁን። ስፋቱ ከግድግዳው ግማሽ ትንሽ ያንስ።
በግራና በቀኝ ከአንድ ሴራሚክ ተኩል በላይ ክፍት ቦታ ይቅር።
ከአልጋው ጎንና ጎን ሁለት ትንንሽ የእንጨት ኮመዲኖ፣ ከፍታቸው ከፍራሹ እኩል።
በያንዳንዱ ላይ አንድ አጭር መብራት።
ከአልጋው ግርጌ በታች ስስ ቢጫማ ምንጣፍ፣ በየጎኑ ትንሽ ብቻ የሚወጣ።
ከራስጌው በላይ አንድ ሥዕል፣ ከአልጋው የጠበበ።
በመስኮቱ ግራና ቀኝ የተሰበሰበ ስስ መጋረጃ፤ የመስኮቱ ፍሬም በሙሉ ይታይ።
የቀኙ ግድግዳ ባዶ ግድግዳና በር ብቻ ነው።
```

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉ። «ቁም ሳጥን አታድርግ፣ ተክል አታድርግ» አላልኩም። አንዳንድ ሞዴሎች የተከለከለውን ዕቃ ስሙን ስለሰሙ ብቻ ያመጡታል። ያለውን ነገር መናገር ይሻላል፦ እዚያ ባዶ ግድግዳ ነው ያለው።

መጋረጃው የተሰበሰበ እንዲሆን የፈለግሁትም ለውበቱ አይደለም። የተዘረጋ መጋረጃ ፍሬሙን ስለሚሸፍን መስኮቱ መስፋቱን ማወቅ አትችሉም። ትልቅ መስታወትም አላዝዝም። መስታወቱ የካሜራውን ጀርባ ማሳየት አለበት፤ ሞዴሉ ግን ያንን ጎን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ የሌለ ክፍል ይፈጥርለታል።

የትእዛዙ ሦስተኛ ክፍል፦ ብርሃኑ

ዕቃው «የተለጠፈ» የሚመስለው ብዙ ጊዜ በብርሃን ነው። በዚህ ክፍል ብርሃኑ ከግራ ስለሚመጣ የአልጋው ጥላ ወደ ቀኝ መውደቅ አለበት። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ የአልጋው እግር ትንሽ ነጸብራቅ ይኖረዋል።

```
ብርሃኑ በግራው መስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ነው። የዕቃዎቹ ጥላ ለስላሳ ሆኖ ወደ ቀኝ ይውደቅ።
ዕቃው ወለሉን በሚነካበት ቦታ ጥላውና ቀላል ነጸብራቁ ይታይ።
አምፖሉና የጠረጴዛ መብራቶቹ የጠፉ ናቸው። የግድግዳው ቀለም አይሙቅ።
```

መብራቶቹን አጥፉ ያልኩት ካልተባለ ስለሚያበራቸው ነው። የበራ መብራት ግድግዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ያኔ የቀለሙ እውነተኛ መልክ ይጠፋል። «የቅንጦት»፣ «ሰፊና ብሩህ» የሚሉ ቃላትንም ተዉ። «ሰፊ» ያላችሁት ሞዴል ግድግዳውን ቢያሰፋው ምን ይፈረድበታል?

ማረጋገጥ

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ አልጋውን አትዩ። አልጋው ሆን ብሎ ዓይን ይስባል። መጀመሪያ ቁጠሩ፦ አንድ መስኮት፣ አንድ በር፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ አምፖል። ከዚያ ሴራሚኩን ቁጠሩ። በፊት ለፊት ግድግዳው ሥር ስድስት ነበር። አልጋው መሃሉን ስለሚሸፍነው በግራና በቀኝ የቀረውን እዩ። ከምንጣፉ ጠርዝ እስከ ቀኙ ግድግዳ 80 ሳንቲ፣ ማለትም አንድ ሴራሚክ ከሲሶ መቅረት አለበት። ሁለት ሙሉ ሴራሚክ ከቆጠራችሁ ወይ ምንጣፉ ጠብቧል ወይ ግድግዳው ሸሽቷል። የሴራሚኩ መስመር ከምንጣፉ ሥር ገብቶ በወዲያኛው ጎን በዚያው አቅጣጫ መውጣቱንም ተመልከቱ። ሳይገጣጠም ከቀረ ወለሉ እንደ አዲስ ተሥሏል።

አሁን ያቺ 120 ሳንቲ ትመጣለች። ካሜራው ቀጥ ብሎ በ120 ሳንቲ ከፍታ ከተያዘ፣ በክፍሉ ውስጥ 120 ሳንቲ ከፍታ ያለው ነገር ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ በፎቶው ላይ በአንድ አግድም መስመር ላይ ያርፋል። ይህ የዓይን መስመር ይባላል። ለማግኘት በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር የሚሄዱትን የዞኮሎ መስመሮች በማስመሪያ አስረዝሟቸው፤ የሚገናኙበት ነጥብ ያለው በዚህ መስመር ላይ ነው። ከዚያ ዕቃውን አወዳድሩ። ፍራሹ 55 ሳንቲ ገደማ ስለሆነ ከመስመሩ በደንብ ዝቅ ብሎ፣ ከወለሉ እስከ መስመሩ ካለው ግማሽ ላይ መሆን አለበት። የላይኛው ገጹም ይታያል። ራስጌው 110 ሳንቲ ከሆነ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ኮመዲኖው መስመሩን ከነካ ግን ያ ኮመዲኖ የሰው ደረት ያክላል። እንዲህ ያለው ስህተት በዓይን ብቻ ሲታይ «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ከማለት በላይ አይያዝም፤ መስመሩ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

የመጨረሻው ፈተና ዋናውንና አዲሱን ምስል አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነው። GIMP ወይም Photopea በሚባሉት የፎቶ ማረሚያዎች ላይ ሁለቱን በሁለት ሌየር ክፈቱና የላይኛውን ሌየር ሞድ ወደ `Difference` ቀይሩት። ያልተለወጠው ቦታ ጥቁር ይሆናል፣ የተለወጠው ይበራል። አልጋው ያለበት ቦታ ቢበራ የሚጠበቅ ነው። በመስኮቱ ዙሪያ ወይም በኮርኒሱ ጥግ ላይ ወፈር ያለ ደማቅ መስመር ካያችሁ ግን ያ ቦታ ተንቀሳቅሷል። ደብዛዛ ግራጫ ብቻ ከሆነ ቀለሙ ትንሽ ተለውጦ ነው፤ ቅርጹ አልተነካም።

ሲበላሽ

የተለመደው አካሄድ «መስኮቱን ወደነበረበት መልስ» ብሎ በተበላሸው ምስል ላይ ማዘዝ ነው። አይመከርም። ሞዴሉ የሚያየው የተበላሸውን ምስል ነው፤ መስኮቱ በፊት የት እንደነበር ላያውቅ ይችላል። በዚያ ላይ በየዙሩ ሙሉው ምስል እንደገና ስለሚሣል ጥራቱ ይወርዳል፣ መስመሮቹም ቀስ በቀስ ይሸሻሉ። ወደ ዋናው ፎቶ ተመልሳችሁ ትእዛዙን አስተካክሉ።

ምን እንደሚስተካከል ከብልሽቱ ይታወቃል። ክፍሉ ከሰፋ ዕቃ ቀንሱ። በሩ ከጠፋ ከበሩ አጠገብ የታዘዘ ዕቃ ካለ አንሡት፣ በሩንም በቀለሙ ጥሩት። የእይታው አቅጣጫ ከዞረ ሞዴሉ ፎቶውን እንደ ሐሳብ መነሻ ብቻ ነው የወሰደው፤ የመጀመሪያዋን መስመር አጥብቁ ወይም ምስል ማረሚያ ባለው መሣሪያ ሥሩ።

ትእዛዙ ደህና ሆኖም ትንሽ መንሸራተት ከቀረ የማያወላዳ መፍትሔ አለ። ዋናውን ፎቶ ከላይ፣ አዲሱን ከሥር አድርጉ። ከላይኛው ላይ ማስክ፣ ማለትም የምስሉን ክፍል የሚደብቅ ሽፋን፣ ጨምሩና አልጋው፣ ምንጣፉ፣ ሥዕሉ፣ መጋረጃውና ጥላዎቻቸው ያሉበትን ብቻ ክፈቱ። ጠርዙን ለስለስ ባለ ብሩሽ ቀቡ። ያኔ በሩ፣ ኮርኒሱና የቀረው ግድግዳ ሁሉ ከራሱ ከፎቶው የመጣ ይሆናል። ጥላውን አብራችሁ መክፈት ከረሳችሁ ግን አልጋው አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሁለቱ ምስሎች በመጠን ሲገጥሙና መንሸራተቱ ትንሽ ሲሆን ነው። ግድግዳው በግማሽ ሴራሚክ ከሸሸ አልጋውም አብሮ ስለሸሸ አይጠገንም።

መሣሪያው ቦታ ቀብቶ ማሳየት የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው በማስክ መሥራት ይቻላል፦ አልጋው የሚመጣበትን ቀብታችሁ «እዚህ ውስጥ ብቻ» ትሉታላችሁ። ማስኩን ከዕቃው ሰፋ አድርጉት፤ ለጥላው ቦታ ይፈልጋል። በአልጋው ቅርጽ ልክ ከቀባችሁት ያንን ቅርጽ ለመሙላት ሲል ጠማማ አልጋ ይሠራል።

በራሳቸው ኮምፒውተር ControlNet የተባለውን የምስሉን ቅርጽ ማሰሪያ ለሚጠቀሙ አንዲት ነገር ልጨምር። ቅርጹን ለማሰር ብለው `depth` የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ግን ከባዶ ክፍል የወጣ የጥልቀት ካርታ «እዚህ ባዶ ነው፣ ወለሉ እስከ ግድግዳው ጠፍጣፋ ነው» ነው የሚለው። በሙሉ ኃይል ካሠራችሁት አልጋው የሚቆምበት ከፍታ አያገኝም፤ ወለሉ ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል ወይም ግድግዳው ላይ ሥዕል ሆኖ ይወጣል። ቀጥታ መስመሮችን ብቻ የሚይዘው `mlsd` ለዚህ ሥራ ይሻላል፤ ከ`depth` ጋር ከሆነ ደግሞ የ`depth`ን ኃይል ዝቅ ማድረግ ነው።

ከመለጠፉ በፊት

ምስሉ ላይ ዕቃው በኮምፒውተር የተጨመረ መሆኑን በሚነበብ መጠን ጻፉበት፣ ባዶውን ፎቶም ከጎኑ አድርጉ። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ወይም የእርጥበት ምልክት ካለ ደግሞ ትእዛዙ ውስጥ በስሙ ጥሩት፦ «በቀኝ ግድግዳ ከበሩ በላይ ያለው ስንጥቅ እንዳለ ይቆይ»። ሞዴሉ ሳይጠየቅ ያጸዳዋል፤ የተጸዳው ስንጥቅ ደግሞ ቤቱን ሊያይ ለሚመጣ ሰው የተደበቀ ነገር ነው። የክፍሉን ሁለተኛ ማዕዘን ፎቶም ማስዋብ ካማራችሁ ያው አልጋና ያው ምንጣፍ ተመልሶ እንዲመጣ የመጀመሪያውን ውጤት አብራችሁ ስጡት። ያም ሆኖ የራስጌው ቅርጽ ወይም የኮመዲኖው እጀታ ሊለያይ ይችላል፤ ከተለያየ በአንዱ ማዕዘን ብቻ ሥሩና ሌላውን ባዶውን ለጥፉት።